የአንድ ቀን የወተት ጥራት ዎርክሾፕ ፕሮግራም፦ ከረቂቅ እስከ ኅትመት (ሱሉልታ)

መስከረም፣ የመጀመሪያው ረቂቅ

ሥራው ይኸው ነው። ሱሉልታ ላይ በወተት ጥራት ዙሪያ የአንድ ቀን ዎርክሾፕ ይካሄዳል። 60 ሰው ተጋብዟል፦ የወተት ማሰባሰቢያ ተረካቢዎች፣ የማኅበር ኃላፊዎች፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና ጥቂት አነስተኛ አቀነባባሪዎች። የእኔ ድርሻ ፕሮግራሙን ማውጣት፣ የተናጋሪዎቹን አጭር ባዮግራፊ ማዘጋጀትና ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ አሳትሞ ማድረስ ነው።

ረቂቁን የጀመርኩት ከአንድ የቆየ የሌላ ዎርክሾፕ ፕሮግራም ገልብጬ ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። 2:30 ምዝገባ፣ 3:00 የሦስት ሰው የመክፈቻ ንግግር፣ እስከ ምሳ ገለጻ፣ ከምሳ በኋላ በሁለት ክፍል ጎን ለጎን የሚሄድ ሥልጠና፣ 11:00 መዝጊያ። ወረቀት ላይ ያምራል።

ለአንዲት የማሰባሰቢያ ማዕከል ኃላፊ ደውዬ አነበብኩላቸው። ከተናጋሪዎቹም አንዷ ናቸው። ሳቁብኝ። «ወንድሜ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል እኮ እኔ ወተት እየለካሁ ነው። ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ትለቁናላችሁ? ላሟን ማን ይለባት?»

ነገሩ ግልጽ ነው። የጠዋቱ ወተት ታልቦ፣ ማዕከል ደርሶ፣ ተለክቶ እስኪያልቅ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። የማታው አለባ ደግሞ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ቀኑ የሚገኘው በሁለቱ አለባዎች መካከል ብቻ ነው። ከ3:00 እስከ 9:00፣ ስድስት ሰዓት። ምሳውም፣ ሻይውም፣ ከክፍል ክፍል መዘዋወሩም እዚያው ውስጥ ነው። ከሦስቱ የመክፈቻ ንግግሮች ሁለቱ በዚሁ ወጡ።

ቀኑን መምረጥ

መጀመሪያ የተባለው ዓርብ ነበር። «ሳምንቱ በዚያው ያልቃል» ነው ምክንያቱ። ከማኅበራቱ የአንዱ ሰብሳቢ የሆኑ ሐጂ ደውለው፣ «ልጄ፣ ዓርብ ካደረጋችሁት ለጁምዓ ስንወጣ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ይሆናል» አሉኝ። ልክ ናቸው። የጁምዓ ሰዓት የሚያርፈው ከ6:00 በኋላ ሲሆን በረቂቁ ላይ እዚያ ቦታ ያለው የተግባር ሥልጠናው ነው። ምሳውን ወደፊት ሳብ አድርጎ ማስማማት ይቻል ይሆናል። ግን ዓርብ ጾምም ነው። የወተት ዎርክሾፕ ጠርቶ ሰውን በጥቁር ሻይና በሽሮ መሸኘት ትንሽ ያስቃል። ከዚያ በላይ ግን አንዱ አቀነባባሪ ሊያቀርብ ያሰበውን የእርጎ ቅምሻ ግማሹ ተሳታፊ አይነካውም።

ረቡዕም በጾሙ ምክንያት ወደቀ። ሰኞ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ተናጋሪዎች ስብሰባ አያጣቸውም። ማክሰኞና ሐሙስ ቀሩ። ወሩ ጥቅምት እንዲሆን የፈለግነው ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ገና ድረስ የወተት ገበያው ራሱ ሌላ ነው። በወሩ ውስጥ ደግሞ 12 ሚካኤልንና 21 ማርያምን ዘለልን። ሐሙስ ሆነ።

ክፍሎቹን ማየት

ሆቴሉ «ሦስት አዳራሽ አለን» ብሎ ነበር። ሄጄ ሳይ አንድ የሠርግ አዳራሽ፣ ከእሱ በሚታጠፍ በር የተከፈለ ትንሽ ክፍልና ቆርቆሮ የተከደነ በረንዳ ናቸው። ሦስቱንም ለመጠቀም ወሰንኩ። ግን መጀመሪያ ድምፁን ሞከርኩ። ባልደረባዬ አዳራሹ ውስጥ ማይክ ይዞ ሲያወራ እኔ ትንሹ ክፍል ውስጥ ቃል በቃል እሰማዋለሁ። በር በር ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። ማይኩን አጥፍቶ በተራ ድምፅ ሲያወራ ግን ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ክፍሎቹ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ሰዓት ማይክ የለም። ለ20 ሰው ደግሞ ማይክ አያስፈልግም።

ሌላው የተለካው ነገር ሰው ነው። ትንሹ ክፍል በወንበር ብቻ ከሆነ 35 ይይዛል። በእኛ ሥልጠና ግን ሰው ጠረጴዛ ከብቦ በእጁ ይሠራል። አራት ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ ዙሪያ አምስት ሰው ብናደርግ 20 ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው።

በረቂቁ ላይ ሰው የወደደውን ክፍል ይመርጥ ተብሎ ነበር። ይሄ አይሠራም። በአንድ በኩል ስለ ዕቃ አጠባ ገለጻ፣ በሌላ በኩል ወተት ከአልኮል ጋር ተደባልቆ ሲረጋ የሚታይበት ክፍል ቢኖር ሰው የት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ትንሹ ክፍል 45 ሰው ይገባበታል፣ አዳራሹ ውስጥ ተናጋሪውና ፕሮጀክተሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ምርጫው ቀረ። 60ው ሰው በባጅ ቀለም ሦስት ቦታ ተከፍሎ ሦስቱንም ክፍሎች በዙር ያዳርሳል። ተናጋሪው ባለበት ይቆያል፣ ሰው ይዞራል። ተናጋሪው አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ መድገሙ ያደክመዋል፤ ለተሳታፊው ግን የሚያልፈው ነገር የለም።

ወተቱ ራሱ ፕሮግራም ያወጣል

ሦስቱ ክፍሎች እንዲህ ሆኑ። ሀ፦ በትንሹ ክፍል የወተት ፍተሻ፣ ማለትም አልኮልና ውኃ የተጨመረበትን ወተት የሚለየው ላክቶሜትር። ለ፦ በረንዳው ላይ የላም ጡት በሽታን ሲኤምቲ በሚባለው የፈሳሽ ምርመራ መለየት። ሐ፦ በአዳራሹ ዕቃ አጠባና ማቀዝቀዝ።

በቆየው ልማድ የተግባር ሥራ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሰው ጠግቦ እንዳይተኛ ተብሎ። እዚህ ግን አላዋጣም። ጠዋት በአንድ ሰዓት የታለበ ወተት ከምሳ በኋላ ሲፈተሽ የሰባት ሰዓት ዕድሜ አለው። ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ኮምጥጦ ሊሆን ይችላል። የአልኮል ፍተሻ የሚሠራው እኩል መጠን ወተትና 70 በመቶ ገደማ የሆነ አልኮል በማደባለቅ ነው። ወተቱ ከረጋ ወይም ጥቃቅን ፍርፋሪ ከታየበት አይወሰድም ማለት ነው። «ደህናው» ናሙናችንም አብሮ ከረጋ ማሳያው ምንም አያሳይም። አሠልጣኙም ያፍራል። የሲኤምቲ ምርመራም ትኩስ ወተት ይወዳል። አራት ጎድጓዳ ቤት ባለው ሳህን ላይ ከእያንዳንዱ የጡት ክፍል የታለበ ወተትና እኩል መጠን መመርመሪያ ፈሳሽ ይጨመራል፤ አሥር ሴኮንድ ያህል ይሽከረከራል። የታመመው ክፍል ወተት እየወፈረ እንደ ተልባ ይለጠጣል። ወተቱ ቆይቶ ከሆነ ይሄ መወፈር ይደክማል።

ስለዚህ ሦስቱም ዙሮች ከምሳ በፊት ገቡ። ውይይቱ ከምሳ በኋላ ሆነ። ሰው እየተከራከረ አይተኛም።

የናሙናው ዝርዝርም በዚሁ አጋጣሚ ፕሮግራሙ ላይ ተጻፈ፤ ለተሳታፊ ሳይሆን ለእኛ በሚቀረው ቅጂ ላይ። አንድ ደህና ወተት፤ አንድ ከዋዜማው ከበረዶ ሳጥን ውጭ ያደረ፤ አንድ ሆን ተብሎ አሥር በመቶ ውኃ የተጨመረበት፤ አንድ ደግሞ የጡት በሽታ ካለባት ላም የመጣ። ደህናው በበረዶ ሳጥን ይቆይና ለየዙሩ የሚበቃው ብቻ ይወጣል። እዚህ ላይ አሠልጣኙ አንድ ነገር አስታወሱኝ። የእኛ ላክቶሜትር የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው። ከበረዶ ሳጥን ወጥቶ ወዲያው የተለካ ወተት ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ያን ጊዜ ውኃ የተቀላቀለበትም ደህና መስሎ ሊያልፍ ነው። አሥር በመቶ ውኃ ንባቡን የሚቀንሰው በሦስት ገደማ ብቻ ነውና ልዩነቱ ሰፊ አይደለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር አስቀድሞ ናሙናውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ቴርሞሜትር የሚይዝ ሰው መመደብ አለበት። የሱሉልታን ጠዋት ለሚያውቅ፣ ክፍሉ ራሱ ያሞቀዋል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

ሰዓቱን በሺት ላይ መሥራት

አንዱን ባነሳሁ ቁጥር ሁሉንም ሰዓት በእጅ ማስተካከል ስለሰለቸኝ ወደ ሺት አዞርኩት። A ላይ መነሻ ሰዓት፣ B ላይ የሚፈጀው ደቂቃ፣ C ላይ የእኛ ሰዓት። A2 ላይ 9:00 በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። ቀሪው ራሱ ይሰላል።

```
A3:  =A2+TIME(0,B2,0)
C2:  =TEXT(MOD(A2-TIME(6,0,0),TIME(12,0,0)),"h:mm")
```

ሁለተኛው መስመር ስድስት ሰዓት ቀንሶ በእኛ አቆጣጠር ያወጣል። 12:00 መሆን ያለበትን 0:00 ብሎ ያሳያል፤ የእኛ ፕሮግራም ግን እዚያ አይደርስም። ሁለቱንም ሰዓት የምይዘው ከተናጋሪዎቹ አንዱ የስልካቸው ካላንደር በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ነው። «3:00» ብዬ ብልክላቸው ከሰዓት በኋላ ሊሞሉት ይችላሉ። ለእሳቸው የሚሄደው ግብዣ ላይ «ከጠዋቱ 3:00 (9:00)» ተብሎ ይጻፋል። የታተመው ወረቀት ላይ ግን የእኛ ሰዓት ብቻ፤ ሁለት ዓይነት ሰዓት የተደረደረበት ሠንጠረዥ ሰው ያሳስታል።

የወጣው እንዲህ ነው፦

3:00 ምዝገባ፣ ሻይና ዳቦ
3:30 መክፈቻ
3:45 የጋራ ገለጻ፦ ወተት ለምን ይመለሳል?
4:15 ወደ ክፍሎች መሄጃ
4:20 ዙር 1
5:00 ቡና
5:25 ዙር 2
6:05 መቀያየሪያ
6:15 ዙር 3
6:55 ምሳ
7:55 የጋራ ውይይት፦ አምራችና ተረካቢ
8:40 ማጠቃለያ
9:00 መዝጊያ

ሰማያዊ ባጅ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ይሄዳል። ቢጫው ከለ ይጀምራል፣ ነጩ ከሐ። የእያንዳንዱ ሰው ዙር በባጁ ጀርባ ይታተማል።

ስለ እረፍቶቹ ትንሽ ልበል። ሆቴሎች በነፍስ ወከፍ ሲያስከፍሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ሻይና አንድ ምሳ ነው ፓኬጁ። ሁለተኛው ሻይ በልማድ ከሰዓት ነው። እኛ ወደ ምዝገባው አመጣነው፤ ሰዉ ወተት አስረክቦ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው። ክፍያው አልተለወጠም። የቡናው እረፍት 25 ደቂቃ የሆነውም ያለምክንያት አይደለም። በረቂቁ 15 ነበር። አንድ ጠረጴዛ ላይ 60 ሰው ሲሰለፍ መቅጃው ብቻ 15 ደቂቃ ይበላል። አሁን ጠረጴዛው ከግድግዳ ተነስቶ መሃል ይሆናል፣ ከሁለቱም ጎን ይቀዳል። ከዙር 1 ወደ ዙር 2 መዘዋወሩም በዚያው ውስጥ ያልቃል።

የትራንስፖርት አበል ፊርማ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰው ቀድሞ እንዳይሄድ። ነገር ግን 9:00 ላይ 60 ሰው ማሰለፍ አለባውን ማስረፈድ ነው። ፊርማው ምሳ ላይ ሆነ፣ በሁለት ጠረጴዛ። ገንዘብ ያዡ «ፈርመው ይጠፋሉ» ብሎ ተከራከረ። አንዳንዱ ይጠፋ ይሆናል። ከሰዓቱ ውይይት ግን ስለ ወተት ዋጋ ነው፤ እሱን ትቶ የሚሄድ ብዙ አይመስለኝም።

ቋንቋ

ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ይቀላቸዋል። ሁሉም ክፍል ውስጥ እያስተረጎሙ መሄድ ግን 40ውን ደቂቃ 20 ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ይባላልና። በባጅ ቀለም መከፋፈላችን እዚህ ጠቀመን። ሰማያዊና ነጭ ባጅ አፋን ኦሮሞ፣ ቢጫ አማርኛ። የእንስሳት ሐኪሙና የማዕከሉ ኃላፊ ሁለቱንም ይናገራሉ። የፍተሻው አሠልጣኝ አማርኛ ብቻ ነው የሚችሉት። ስለዚህ እሳቸው ክፍል ውስጥ ላክቶሜትሩን የሚይዘው የማዕከል ሠራተኛ በሁለቱ ዙሮች እየሠራ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፣ እሳቸው ይጨምራሉ። ለዚያ ሲባል ከይዘቱ የቅባት መለኪያው ወጣ። ለሦስት ፍተሻ 40 ደቂቃ ቀድሞውንም ጠባብ ነበር።

ባዮግራፊዎቹ

«አጭር ባዮ ላኩልኝ» ብሎ መልእክት መላክ ከንቱ ነው። ከአንዱ ስድስት ገጽ ሲቪ መጣ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ሳይቀር። ከሌላው «የእንስሳት ሐኪም፣ ብዙ ልምድ» የሚል አንድ መስመር። የማዕከሉ ኃላፊ ደግሞ «እኔ ምን ባዮግራፊ አለኝ? ወተት ነው የምቀበለው» አሉ።

ጥያቄ አድርጌ መልሼ ላክሁ። ስምዎና ማዕረግዎ እንዴት ይጻፍ? አሁን ምን ይሠራሉ? ከወተት ጋር የተያያዘ ምን ሠርተዋል፣ ስንት ዓመት? ከእርስዎ ክፍል የሚወጣ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ከዚያ እኔው እጽፈዋለሁ፣ እነሱ አይተው ያርማሉ። ለእያንዳንዱ ከ50 እስከ 60 ቃል። ልኩ የመጣው ከወረቀቱ ጀርባ ነው። አራት ተናጋሪ፣ አንድ ገጽ፣ በ11 ነጥብ ፊደል ከዚያ በላይ አይገባም። አስተባባሪው ቢያነበውም ከደቂቃ ብዙ አይዘልም።

ስድስቱ ገጽ ሲቪ ወደ 54 ቃል ወረደ። የወጡት የተሳተፉባቸው ሥልጠናዎችና የሽልማት ወረቀቶች ናቸው። የቀረው አሁን የሚመሩት ላቦራቶሪና በየቀኑ የሚፈትሹት ወተት ነው። ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። «መግቢያ ላይ ዲግሪዬ ይባል» ብለው ጨመሩት፤ ተገቢ ነው።

ከአንዱ መስመር የተሻለው በስልክ ጠይቄ የጻፍኩት ነው። የማዕከሉ ኃላፊ ባዮ እንዲህ ሆነ፦

«ወ/ሮ … በሱሉልታ የአንድ ወተት ማሰባሰቢያ ማዕከል ኃላፊ ናቸው። ወተት መቀበል የጀመሩት በረዳትነት ሲሆን ዛሬ በየጠዋቱ ከበርካታ አርሶ አደሮች የሚመጣውን ወተት ራሳቸው ፈትሸው ይረከባሉ። በማዕከሉ ጀሪካን ቀርቶ በአሉሚኒየም ካን ብቻ እንዲመጣ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በክፍል ሐ አንገቱ የጠበበ ዕቃ ለምን እንደማይጸዳ ቆርጠው ያሳያሉ፤ ካንን በትንሽ ውኃ ማጠብንም ያለማምዳሉ።»

ቆርጠው የሚያሳዩት እውነተኛ ጀሪካን ነው። በመጋዝ ለሁለት ሲከፈል ከአንገቱ ሥር ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ላይ የደረቀ የወተት ቅርፊት ይታያል። ይሄን በስልክ ሲነግሩኝ ከፕሮጀክተሩ ስላይድ ሁለቱን ሰረዝኩ።

«ዶ/ር» ላይ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። የእንስሳት ሐኪሙም ዶ/ር ናቸው፣ የምግብ ሳይንስ ተመራማሪውም ዶ/ር ናቸው። ሰው የላሙን ጥያቄ ለተመራማሪው፣ የኬሚካሉን ለሐኪሙ እንዳያቀርብ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሙያውን ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ደግሞ በማዕረግ ሳይሆን በፕሮግራሙ ላይ በሚታዩበት ተራ ነው። ማን ከማን ቀደመ የሚለው ክርክር በዚህ ይዘጋል። ሁሉም በአክብሮት «ናቸው» ተብለው ተጽፈዋል፣ ከሁሉም በዕድሜ የምታንሰው ሐኪም ረዳት ጭምር።

ወደ ማተሚያ ቤት

የመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ ላይ የ«ዙር 3» መስመር ወደ ታች ወርዶ ምሳውን ገጽ ሁለት ላይ ጥሎታል። እኔ ጋ ያለው የፊደል ዓይነት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የለም፤ ሌላ ተክቶለት ፊደሉ ሰፋ። ፋይሉ በፒዲኤፍ ሄደ፣ ተስተካከለ። ሰዓቶቹ ደመቅ ተደርገዋል፤ አዛውንቶቹ መነጽር ረስተው ነው የሚመጡት። የታዘዘው 70 ኮፒ ነው። ሦስቱ በትልቅ ወረቀት፣ በየክፍሉ በር የሚለጠፉ።

ያልተፈታው የክብር እንግዳው ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ያለው መንገድ ላይ የሲሚንቶ መኪና ፊት ከቆመ ሰዓቱ አይታመንም። እሳቸው እስኪደርሱ ብሎ መጠበቅ ዙር 3ን ምሳ ላይ ይጥለዋል። ከቢሯቸው ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። 3:30 ላይ ካልደረሱ የጋራ ገለጻው ይጀመራል፤ ንግግራቸው 7:55 ላይ ከውይይቱ በፊት ይገባል፣ አምስት ደቂቃ። ወረቀቱ ላይ «መክፈቻ» እንጂ የተናጋሪ ስም አልተጻፈም።